ከአዲስ መጽሐፍና ከሻይ ሥር ምን ይጻፍ?

አዲስ መጽሐፍ የገዛ ሰው ብዙውን ጊዜ ከማንበቡ በፊት ፎቶ ያነሳዋል። ሽፋኑ ገና አልታጠፈም፤ ገጾቹም እርስ በርሳቸው እንደተጣበቁ ናቸው። አጠገቡ ሻይ ይቀመጣል፤ መስኮት ካለ ጠረጴዛው ወደ መስኮቱ ይሳባል። ፎቶው በደቂቃ ያልቃል። የሚያስቸግረው ከሥሩ የሚጻፈው ነው፤ ጋዜጠኞች የፎቶ መግለጫ፣ ወጣቶች ደግሞ ካፕሽን የሚሉት። ሰውየው ስልኩን ይዞ ሲያስብ ይቆይና መጨረሻ ላይ «ምርጥ መጽሐፍ ከምርጥ ሻይ ጋር» ብሎ ይለቀዋል።

እንዲህ የሚሆነው ጸሐፊው ቃላት ስላነሰው አይመስለኝም። ስለ መጽሐፉ መናገር ይፈልጋል፤ መጽሐፉን ግን ገና አላነበበውም። ስለዚህ ያላየውን ያወድሳል፤ ያላዩት ነገር ውዳሴ ደግሞ ምን ጊዜም አንድ ዓይነት ነው። ሞቅ ያለ፣ ሰው ቤት የገባ ያህል የሚሰማበት መግለጫ መጻፍ የሚፈልግ ሰው መጽሐፉን ማመስገኑን ለጊዜው ትቶ በእርግጥ የሚያውቀውን ቢያወጣ ይሻለዋል። የሚያውቀውም ብዙ ነው፦ መጽሐፉ እንዴት እጁ እንደገባ፣ ሻዩን ማን እንዳፈላው፣ ቤቱ ውስጥ በዚያ ሰዓት ምን ይሰማ እንደነበር፣ ስንተኛው ገጽ ላይ እንዳለ። ሙቀቱ የሚመጣው ከእነዚህ ነው።

ይህን በአንድ መግለጫ ላይ ከመጀመሪያው ረቂቅ እስከ መጨረሻው ብናየው ይሻላል። የእህቴ ልጅ ባለፈው ክረምት «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ገዛች። መጽሐፎችን እስከ አገጩ ደርድሮ በክንዱ ከሚዞር አንድ አዟሪ ነው የገዛችው፤ አዲስ እትም ነው፣ ቀለሙ ገና ይሸታል። ቤት እንደገባች በመስኮቱ አጠገብ አስቀመጠችው፤ ከጎኑም ሻይ በብርጭቆ፣ ከሥሩ ማስቀመጫ፣ ማንኪያው በአግድም። መስታወቱ ላይ የዝናብ ጠብታ አለ። ጥሩ ፎቶ ነበር። ከዚያ ደወለችልኝና «አክስቴ፣ ምን ብዬ ልጻፍበት?» አለችኝ።

የመጀመሪያ ረቂቋ እንዲህ ይል ነበር፦ «ምርጥ መጽሐፍ ከትኩስ ሻይ ጋር! ማንበብ አእምሮን ያበለጽጋል። መልካም ምሽት ለሁላችሁም።»

ይህ ጽሑፍ በሰዋስው በኩል ስህተት የለበትም። ግን ፎቶውን በእጅ ሸፍኖ ጽሑፉን ብቻ ማንበብ ነው። ከየትኛው ፎቶ ሥር እንደወጣ ይታወቃል? ከሌላ መጽሐፍ፣ ከሌላ ብርጭቆ፣ ከሌላ ሰው ሥር ቢገባ ይስማማል። ሦስቱም ዓረፍተ ነገሮች የሌላ ሰው ድምፅ አላቸው፦ አንደኛው የማስታወቂያ፣ ሁለተኛው በትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ የሚጻፍ፣ ሦስተኛው የቴሌቪዥን አስተዋዋቂ። እሷ በአካል ብታገኘኝ «ማንበብ አእምሮን ያበለጽጋል» ብላ አታወራኝም። ለሰው በአፋችን የማንለውን ነገር ስንጽፍ ጽሑፉ ይቀዘቅዛል፤ የቃላቱ ትርጉም ጥሩ ቢሆንም።

ሁለተኛው ረቂቅ ደግሞ በሌላ በኩል ሄደ። «ውጭ ዝናብ ይዘንባል። ጠረጴዛዬ ላይ አዲስ መጽሐፍና ትኩስ ሻይ አለ። መስኮቱ አጠገብ ተቀምጫለሁ።» ይህ ቢያንስ የእሷ ነው። ግን ሁሉንም ፎቶው አስቀድሞ ተናግሮታል። ዝናቡ ይታያል፣ መጽሐፉ ይታያል፣ ሻዩም ይታያል። አንባቢ ዓይኑ ያየውን ጆሮው ሲደግምለት ይሰለቻል። መግለጫው ፎቶው ሊይዘው ያልቻለውን እንዲይዝ ነው የምንፈልገው፤ ሽታ፣ ድምፅ፣ ከፎቶው በፊት የሆነውን፣ ከካሜራው በስተጀርባ የቆመውን ሰው።

ሻይ በዚህ በኩል ብዙ ይሰጣል፤ ሰዎች ግን «ትኩስ ሻይ» ብለው ያልፉታል። የእኛ ቤት ሻይ እኮ የቅጠል ውኃ ብቻ አይደለም። ቀረፋ አለው፣ ቅርንፉድ አለው፣ ሄል የሚጨምርም አለ። አንዱ ቤት ቅመሙ ከውኃው ጋር አብሮ ይፈላል፤ ሌላው ቤት ቅጠሉ ከገባ በኋላ ነው የሚጨመረው። ስኳሩን ሦስት ማንኪያ የሚያደርግ አባት አለ፤ ያለ ስኳር የሚጠጣ እንግዳም አለ። ፎቶ ከእነዚህ አንዱንም አያሳይም። «ቀረፋ የበዛበት» የሚለው ሁለት ቃል ሽታውን ይዞ ይመጣል፤ «ጣፋጭና ትኩስ» ግን ምንም አያሸትም።

ጥንቃቄም ይፈልጋል። መግለጫው ከፎቶው ጋር ሲጣላ አንባቢ ወዲያው ያያል። የሻይ እንፋሎት በፎቶ ላይ የሚታየው ሻዩ ገና ሲቀዳ፣ ብርሃኑ ከኋላ ወይም ከጎን ሲመጣ፣ ከበስተጀርባውም ጠቆር ያለ ነገር ሲኖር ነው። ነጭ ግድግዳ ፊት እንፋሎቱ ቢኖርም አይታይም። ብርጭቆው ግማሽ ደርሶ፣ ጠርዙ ላይ የሻይ ምልክት ደርቆ እያለ «እንፋሎቱ እየተነነ» ብሎ መጻፍ የቀረውን ጽሑፍ ሁሉ ያጠራጥራል። ከዚያ ይልቅ ግማሽ የሆነውን ግማሽ ነው ማለት ይሻላል፤ እንዲያውም ግማሽ የተጠጣ ሻይ ሰውየው በእርግጥ ተቀምጦ ሲያነብ እንደቆየ ይናገራል፣ ሙሉው ግን ለፎቶ የተቀዳ ይመስላል።

ወደ እህቴ ልጅ ልመለስ። ረቂቅ እንድትጽፍ መወትወቱን ትቼ መጠየቅ ጀመርኩ። ከማን ገዛሽው? ቤት ስትገቢ ማን ነበር? ሻዩን ማን አፈላው? እስካሁን ስንት ገጽ ሄድሽ? መልሷ እንዲህ ነበር፦ ቤት እናቷ ነበረች። ሽፋኑን ስታይ እጇን ጠራርጋ ተቀበለቻትና «ይሄንን እኮ እኔ በወጋየሁ ድምፅ ነው የማውቀው» አለች። አንብባው አታውቅም። ሰምታው ነው። ከዚያ ተነስታ ሻዩን ራሷ አፈላች። ልጅቷ ማንበብ ስትጀምር ደግሞ አጠገቧ ተቀምጣ ጉዱ ካሳ የሚባለው ሰው መጣ ወይ እያለች ትጠይቃት ነበር።

መግለጫው ይሄው ነበር። እሷ ግን እንደ ተራ ወሬ አልፋዋለች።

እዚህ ላይ ይህ ታሪክ ለምን ብዙ ሰው እንደሚነካ ልናገር። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» መጀመሪያ የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው። ጎጃም ውስጥ የሚሆን ረጅም ልብ ወለድ ነው፤ በዛብህና ሰብለ ወንጌል የሚዋደዱበት፣ ፊታውራሪ መሸሻ የሚቆጡበት፣ ጉዱ ካሳ የዘመኑን ሥርዓት የሚተችበት። መጽሐፉ በትምህርት ቤትም በቤትም ተነቧል። ነገር ግን ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው ማንበብ የማይችለውም፣ መጽሐፍ መግዛት የማይችለውም ሬዲዮ ዙሪያ ተሰብስቦ ሰማው። ስለዚህ ዛሬ መጽሐፉን በእጇ የያዘች ወጣት ቤት ውስጥ ታሪኩን በጆሮዋ የምታውቅ እናት ወይም አያት መኖሯ የተለመደ ነው። እሷ የምታነበው መጽሐፍ ለእናቷ ድምፅ ነው። ይህን ፎቶው ሊያሳይ አይችልም፤ «ምርጥ መጽሐፍ» የሚለውም አይነካውም።

መጨረሻ ላይ የተለጠፈው ይህ ነው፦

«እናቴ ይህን ታሪክ የምታውቀው በሬዲዮ፣ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ነው። ዛሬ መጽሐፉን ገዝቼ ስገባ ሻዩን ራሷ አፈላች፤ ቀረፋውን አብዝታ።

ገና ሦስተኛው ገጽ ላይ ነኝ። እሷ ግን አጠገቤ ተቀምጣ ‹ጉዱ ካሳ ደረሰ ወይ?› ትለኛለች።

እናንተ ቤት ይህን ታሪክ መጀመሪያ ያነበበው ወይም የሰማው ማነው?»

መጽሐፉን አንድም ቦታ አላመሰገነችውም። «ደስ ይላል»፣ «ሰላም ይሰጣል» የሚልም የለበትም። ቀረፋው፣ እናትየዋ መቀመጧ፣ ችኮላዋ ናቸው ደስታውን የሚናገሩት። አንባቢው ደስታውን ራሱ ይደርስበታል፤ ቀድመን ከነገርነው ግን ምንም አይቀርለትም። ሦስተኛው ገጽ ላይ ነኝ ማለቷም ለጽሑፉ ትልቅ ነገር ነው። ገና እንደጀመረች ታምናለች፣ ከዚያ በላይ አትናገርም፤ ስለዚህ የምትናገረው ሁሉ ይታመናል። አዲስ መጽሐፍ የያዘ ሰው ያለበትን ገጽ ቢናገር ስለ መጽሐፉ ሊሰጠው የሚችለውን ብቸኛ ትክክለኛ ምስክርነት ሰጠ ማለት ነው።

ሳትለጥፈው በፊት አንድ ነገር አስታወስኳት፦ እናትሽን ጠይቂያት። ከፎቶው ውጭ ያለ ሰው በጽሑፉ ውስጥ ሲገባ ፈቃዱ ያስፈልጋል፤ እናትም ብትሆን። እህቴ ተነቦላት ሳቀችና «ጥሩ ነው፤ ስሜን ብቻ አታንሺ» አለች። ስሟ አልተነሳም፤ አላስፈለገምም።

የመጀመሪያው መስመር ለምን በእናቷ እንደጀመረ ደግሞ የቴክኒክ ምክንያት አለው። ኢንስታግራም ለአንድ መግለጫ እስከ 2,200 ፊደል ይፈቅዳል፤ ሰው ፎቶዎችን እየገፋ ሲያልፍ ግን የሚታየው መጀመሪያው ብቻ ነው። ወደ 125 ፊደል ገደማ ላይ ይቆረጥና የቀረውን ለማየት መንካት ይጠይቃል። ትክክለኛው ቦታ እንደ ስልኩ ስፋት ይለያያል። ቴሌግራም ደግሞ ከፎቶ ጋር ለሚሄድ ጽሑፍ ለተራ ተጠቃሚ 1,024 ፊደል ይሰጣል። ስለዚህ ዋናው ነገር መጨረሻ ላይ ከተቀመጠ ብዙው ሰው ሳያየው ያልፋል። «ሰላም ጓደኞቼ፣ እንዴት ናችሁ፣ ዛሬ ደግሞ...» እያሉ መጀመር ያንን ውድ ቦታ በሰላምታ ይጨርሰዋል።

በአማርኛ የሚጽፍ ሰው እዚህ ላይ ዕድለኛ ነው። የግዕዝ ፊደል አንዱ ምልክት ተነባቢውንም አናባቢውንም አብሮ ይይዛል፤ «ቀረፋ» ሦስት ፊደል ብቻ ነው። የእህቴን ልጅ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ብንቆጥር፣ ነጥቡም በቃላት መካከል ያለው ክፍተትም ተጨምሮ፣ 84 ይሆናሉ። እናትየዋ፣ ሬዲዮው፣ ወጋየሁ፣ አዲሱ መጽሐፍ፣ ሻዩና ቀረፋው ሁሉ ከመቆረጡ በፊት ገብተዋል። ቦታው ይበቃል፤ መቆጠብ ያለብን ቦታውን በማይረባ ነገር እንዳንሞላው ነው።

የመጨረሻው መስመር ጥያቄ ነው። ብዙ መግለጫዎች «እናንተስ ምን እያነበባችሁ ነው?» ብለው ያበቃሉ። መጥፎ ጥያቄ አይደለም፤ ግን በጣም ሰፊ ነው፤ የማያነብ ሰውም ያፍርበታል። «እናንተ ቤት መጀመሪያ የሰማው ማነው?» የሚለው ግን አንድ ሰው እንዲታወስ ብቻ ይጠይቃል። መጽሐፉን ያላነበበም አያቱን ያስታውሳል፣ ይመልሳል። በብዙ ቁጥር መጠየቁም ይጠቅማል፤ «አንተ» ወይም «አንቺ» ካልን ግማሹን አንባቢ ከበር እንመልሰዋለን፣ «እርስዎ» ደግሞ ከዚህ ዓይነት የቤት ጽሑፍ ጋር ይከብዳል።

ሁሉም መጽሐፍ ከሻይ ጋር በቀላሉ አይስማማም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። የበዓሉ ግርማን «ኦሮማይ» እንውሰድ። በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ የተሰበሰበ መጽሐፍ ነው፤ ደራሲው ደግሞ በ1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ሳይመለስ ቀረ። ታሪኩ በአሥመራና በቀይ ኮከብ ዘመቻ ዙሪያ ነው፤ ጦርነት አለበት፣ ሞት አለበት። ይህን መጽሐፍ ይዞ «ምሽቴን ከኦሮማይና ከሻይ ጋር እየተዝናናሁ» ብሎ መጻፍ ያማል። የጻፈው ሰው ክፉ አይደለም፤ ሽፋኑን እንደ ጠረጴዛ ጌጥ ስላየው ነው። አንዳንድ አንባቢ ግን ያንን ዘመን በአካል ያለፈ ነው፤ ወንድሙ ዘምቶ አልተመለሰ ይሆናል።

ይህ ማለት ከባድ መጽሐፍ ሞቅ ያለ መግለጫ አይጻፍበትም ማለት አይደለም። ሙቀቱ ከክፍሉና ከአንባቢው ይምጣ እንጂ ከመጽሐፉ አይምጣ። ለምሳሌ እኔ ብሆን እንዲህ እላለሁ፦ «ሻዩን ያፈላሁት ኦሮማይን ስጀምር ነበር። ቀና ስል ቀዝቅዟል። ላሙቀው ተነሳሁ፤ መጽሐፉን ግን እንደያዝኩ ነው።» መዝናናት የሚል ቃል የለም፤ የመጽሐፉ ክብደትም አልተነካም። አንባቢው ግን ሰውየው እንደተያዘ ያውቃል፤ ቤት ውስጥ ምድጃ እንዳለ፣ ሻይ እንደሚሞቅም ያውቃል። ስንጠራጠር የሚረዳን አንድ ጥያቄ አለ፦ የደራሲው ቤተሰብ ይህን ቢያነቡ ምን ይሰማቸዋል?

ከአገር ውጭ የሚኖሩ ሰዎች መግለጫ ሌላ ሀብት አለው። ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ ወይም ዱባይ ያለ አንባቢ የአማርኛ መጽሐፍ ብዙ ጊዜ የሚያገኘው በሰው ሻንጣ ነው። ማን አመጣው? ከምን ጋር ታሽጎ መጣ? በርበሬ የሸተተ መጽሐፍ ፎቶው ላይ እንደማንኛውም መጽሐፍ ነው የሚታየው፤ መግለጫው ካልነገረን አናውቅም። እንዲህ ላለ ጸሐፊ ሰዓትን መጥቀስ ግን ያሳስታል። «ምሽት 3 ሰዓት ላይ» ሲል አዲስ አበባ ያለው ሰው በእኛ አቆጣጠር ይረዳዋል፣ አጠገቡ ያለው ጓደኛው ደግሞ በፈረንጅ አቆጣጠር ሊገምት ይችላል። «ልጆቹ ከተኙ በኋላ» ወይም «ከሥራ ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ» ቢል ለሁሉም ግልጽ ነው፤ ከሰዓቱም የበለጠ ይናገራል።

ከመጽሐፉ አንድ ገጽ ገልጦ ፎቶ ማንሳትን በተመለከተ ጥብቅ ነኝ። ሽፋኑን ማሳየት ደራሲውን ይጠቅመዋል። ሊነበብ የሚችል ሙሉ ገጽ፣ ከዚያ ሌላ ገጽ፣ ከዚያም ሙሉው መጽሐፍ በፒዲኤፍ መዞሩ ግን አዲስ የታተመን መጽሐፍ ይገድለዋል። በአገራችን የቅጂ መብት በአዋጅ ቁጥር 410/1996 ተጠብቋል፤ ሕጉ ባይኖርም እንኳ አንድ ደራሲ ዓመታት የደከመበትን ሥራ በስልክ መበተን ተገቢ አይደለም። ገጹ ውበት እንዲሰጥ ከተፈለገ በአግድም ይነሳ፣ ወይም ጽሑፉ ከሩቅ ይደብዝዝ። መግለጫው ውስጥ ደግሞ የመጽሐፉ ስምና የደራሲው ስም በፊደል ይጻፍ፤ ሽፋኑ ላይ ስለሚታይ በቃ ማለት አይሆንም። ስልክ ላይ ሽፋኑ ትንሽ ነው፤ ስሙን ፈልጎ የሚገዛ ሰውም በምስል ሳይሆን በቃል ነው የሚፈልገው።

ይህ ወደ ሃሽታግ ይወስደናል፤ እዚህ ላይ አማርኛ የራሱ ጣጣ አለው። ድምፃቸው አንድ የሆነ ፊደሎች ስላሉን አንዱ ቃል በብዙ መልክ ይጻፋል። #መጽሐፍ፣ #መፅሐፍ፣ #መጽሃፍ እና #መፅሀፍ ለእኛ አንድ ናቸው፤ ለስልኩ ግን አራት የተለያዩ ቃላት ናቸው፤ በአንዱ የተለጠፈ ፎቶ በሌላው የሚፈልግ ሰው አያገኘውም። ከመለጠፍ በፊት ሁለት ሦስቱን አጻጻፍ ፈልጎ ብዙ ሰው የሚጠቀምበትን መምረጥ፣ ከቻሉም ሁለቱን ማስገባት ይበጃል። ቃሉ ላይ ቅጥያ ከተለጠፈም ሌላ ቃል ይሆናል፤ #መጽሐፍን ብሎ መጻፍ ከ#መጽሐፍ ጋር አይገናኝም። ሁለት ቃል አንድ ላይ ሲፈለግ ክፍተት ይቆርጠዋልና በታች መስመር ይያያዛል፦ #ሻይና_መጽሐፍ። የእህቴ ልጅ የተጠቀመችው ሁለት ብቻ ነበር፤ ከጽሑፉ ተለይተው መጨረሻ ላይ። መሃል ዓረፍተ ነገር ውስጥ ምልክቱ ሲገባ አንባቢው የሰውን ድምፅ መስማቱን ይተውና ማስታወቂያ ያነበበ ይመስለዋል።

ከመግለጫው ሌላ ብዙ ሰው የማያየው አንድ የጽሑፍ ቦታ አለ። ኢንስታግራም ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ዓይናቸው ለማያይ ሰዎች የሚነበብ የምስል ገለጻ ለፎቶው እንድንጽፍ ይፈቅዳል፤ ፎቶው ሲለጠፍ ከተጨማሪ ማስተካከያዎች ውስጥ ይገኛል። እዚያ የሚጻፈው ከመግለጫው በተቃራኒ ነው፤ ፎቶው ላይ የሚታየው ብቻ፣ በቀላሉ። የእህቴ ልጅ ሁለተኛ ረቂቅ፣ ለመግለጫ አይሆንም ያልኩት፣ ለዚህ ልክ ሆኖ ተገኘ። ትንሽ አስተካክላ እንዲህ አስገባችው፦ «ዝናብ ያረፈበት መስኮት አጠገብ፣ ጠረጴዛ ላይ ፍቅር እስከ መቃብር የተባለው መጽሐፍና በብርጭቆ የተቀዳ ሻይ።» ይህን በስልኩ የሚሰማ ሰው መጀመሪያ ጠረጴዛውን ያውቃል፤ ከዚያ መግለጫው እናትየዋን ያመጣለታል።

አሁን መጽሐፉን ጨርሳለች። መግለጫውን እንደገና ከፍታ ስለ መጨረሻው ልትጨምርበት አስባ ነበር፤ ማስተካከል ይቻላልና። እንዳትነካው ነገርኳት። ከሥሩ ብዙ ሰው አያቱን፣ አባቱን፣ የጎረቤቱን ሬዲዮ እያነሳ ጽፏል፤ መልሶቹ ሁሉ ገና ሦስተኛው ገጽ ላይ ላለች ልጅ የተሰጡ ናቸው፤ ጽሑፉ ከተቀየረ መልሶቹ ትርጉም ያጣሉ። ገና የሚያነብ ሰው ደግሞ የሰብለንና የበዛብህን መጨረሻ ከፎቶ ሥር ማወቅ የለበትም። ስለ መጨረሻው የምትለው ካለ ሌላ ፎቶ ታንሳለት፤ ያን ጊዜ ስለ መጽሐፉ ራሱ የምትናገረው ይኖራታልና መግለጫውም ከዚህኛው የተለየ ይሆናል።